ከ4,000 ትእዛዝ የወጡ 4,416 ረድፎች

የዚያ ወር የገቢ ሪፖርት ከመፈተሹ በፊት ተወዶ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ በወሩ ውስጥ ማስታወቂያውን አጠናክሮ ስለነበር ሁሉም የሚጠብቀው ጭማሪ ነው፤ ሪፖርቱም ጭማሪ ይዞ መጣ። ሲጠበቅ የቆየ ቁጥር በር ላይ ሲደርስ «ማን ነህ፣ ከየት መጣህ?» ብሎ የሚያስቆመው የለም። ዝቅ ያለ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት አሥር ሰው ያገላብጠው ነበር።

ሪፖርቱን ያዘጋጀችው በሥራው ላይ ገና ዓመት ያልሞላት ተንታኝ ናት። እኔ በዚያው ክፍል ከእሷ ቀድሜ የገባሁ፣ ሠንጠረዦቹንም ከእሷ በላይ የለመድኩ ሰው ነኝ። ታሪኩን የምተርከው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና ግን አልተነካም፤ የስህተቱም ምክንያት እንዳለ ነው።

ሪፖርቱ የወሩ ገቢ 2,262,000 ነው ይላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወደ ክፍላችን መጡ። በእሳቸው መዝገብ የወሩ ሽያጭ 2,000,000 ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ይህን 262,000 እኔ አልተቀበልኩትም። አንቺ ዘንድ ካለ አምጪልኝ» አሏትና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትተው ሄዱ።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ ክፍሉ ወዲያው በግምት ይሞላል። አንዱ ታክሱ ተደምሮ ይሆናል አለ። ሌላው የተመለሱ ዕቃዎች ሳይቀነሱ ቀርተው ነው አለ። ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ የተሸጠውን አንዱ መዝገብ በዛሬ፣ ሌላው በነገ ይይዘዋል አለ። ሦስቱም በዚህ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ምክንያቶች ናቸው። እሷ ግን ማንንም አልሰማችም፤ ደንግጣለች። ከሠንጠረዦቹ መረጃ ጠይቆ የሚያወጣውን፣ እሷ የጻፈችውን ኩዌሪ ከፍታ ከላይ ወደ ታች፣ ደግማ ከላይ ወደ ታች ታነባለች።

ኩዌሪን ደጋግሞ ማንበብ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም የሚል እምነት አለኝ፤ በተለይ ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ሰው ሲሆኑ። ሰው በጻፈው ላይ የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ስለዚህ «እሱን ዝጊውና ልዩነቱን ራሱን እንየው» አልኳት። 262,000 አንድ ድምር ነው፤ ድምር ደግሞ ምንም አይናገርም። በቀን በቀን ሲዘረዘር ግን መልክ ይኖረዋል፤ መልኩም ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ታክስ ቢሆን ልዩነቱ በየቀኑ፣ ከሽያጩ ጋር በተመሳሳይ ምጣኔ ይታያል። የቀን መዛነፍ ቢሆን አንዱ ቀን የጨመረውን ቀጣዩ ቀን ይቀንሰዋል፤ በወሩ መጨረሻ ከጠርዝ ጥቂት ቁራጭ በስተቀር የሚቀር ነገር አይኖርም። የተመለሰ ዕቃ ቢሆን በወሩ ሁሉ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይገኛል።

የሁለቱን መዝገቦች የቀን ድምር ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከወሩ 1ኛ ቀን እስከ 10ኛው ልዩነቱ ዜሮ ነው። ትንሽ ሳይሆን ዜሮ። ከ11ኛው ቀን ጀምሮ ግን በየቀኑ ልዩነት አለ፤ መጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ጠፍቶ አያውቅም። በዚህች አንዲት ሠንጠረዥ ሦስቱም ግምቶች ወደቁ።

እሷ ግን ይበልጥ ተጨነቀች። በ11ኛው ቀን ኩዌሪውን ማንም አልነካውም፤ የለውጥ ታሪኩን ከፍታ አረጋገጠች። ማስታወቂያው ከዚያ ሰሞን መጀመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ሽያጭ ቢጨምር በሁለቱም መዝገብ እኩል ይጨምራል እንጂ በአንዱ ብቻ አይጨምርም። ያልተነካ ኩዌሪ፣ እስከ ትናንት ትክክል የነበረ ኩዌሪ፣ ዛሬ ጠዋት እንዴት ይሳሳታል?

ከዚህ በኋላ ማድረግ ያለባት ማጥበብ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ የሆነበትን ቀን መረጠች። የዚያን ቀን ትእዛዞች ከሁለቱም ወገን በትእዛዝ ቁጥር ደርድራ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠቻቸው። የሒሳብ ክፍሉ ዝርዝር በአንድ ረድፍ አንድ ትእዛዝ ይዞ ይወርዳል። የእሷ ዝርዝር ጥቂት ረድፎች አብሮ ይወርድና በድንገት አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፦

```
order_id   amount   warehouse
20417      900      A
20417      900      B
```

አንድ ደንበኛ የ900 ዕቃ አዟል፤ በሒሳብ መዝገቡ አንዴ 900 ከፍሏል። በእሷ ሪፖርት ውስጥ ግን 1,800 ሆኗል። ሁለቱ ረድፎች ከመጨረሻው ዓምድ በቀር አንድ ናቸው። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ መጋዘኑ ነው።

ከወራት በፊት ኃላፊያችን ገቢው በመጋዘን ተከፍሎ እንዲታይ ጠይቆ ነበር። የትእዛዝ ሠንጠረዡ መጋዘን የሚባል ዓምድ የለውም፤ መጋዘኑ የሚገኘው በእሽጎች ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በትእዛዝ ቁጥር አጣመረቻቸው፦

```sql
SELECT p.warehouse, SUM(o.amount)
FROM orders o
JOIN parcels p ON p.order_id = o.order_id
GROUP BY p.warehouse;
```

ይህን ማንም ይጽፈዋል፤ የሰዋስው ስህተት የለበትም። ችግሩ ያለው ረድፉ ስለሚወክለው ነገር ነው። በ`orders` ውስጥ አንድ ረድፍ ማለት አንድ ትእዛዝ ነው። በ`parcels` ውስጥ አንድ ረድፍ ማለት አንድ እሽግ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚወጣው ረድፍ ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና እሽግ ይሆናል፤ የገንዘቡ ዓምድ ግን የትእዛዙን ሙሉ ዋጋ እንደያዘ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ይገለበጣል። ሁለት ሻንጣ የያዘን መንገደኛ ሁለት ሰው ብሎ እንደ መቁጠር ነው። አንድ ትእዛዝ በአንድ እሽግ እስከሄደ ድረስ በትእዛዝና በእሽግ መካከል ልዩነት ስለሌለ ድምሩ ትክክል ይወጣል።

እስከ 10ኛው ቀን የነበረው ይኸው ነው። ያኔ አንድ መጋዘን ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ትእዛዝም በአንድ እሽግ ይሄድ ነበር። በ11ኛው ቀን ሁለተኛው መጋዘን ሥራ ጀመረ። ከዚያ ቀን አንስቶ ዕቃው በሁለቱ መጋዘኖች ተከፋፍሎ የሚገኝ ትእዛዝ በሁለት፣ አንዳንዴም በሦስት እሽግ ይወጣል። የመጋዘን ሰዎች ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ የእሽጉ ሠንጠረዥም የሆነውን በትክክል መዝግቧል። ኩዌሪው ግን «ለአንድ ትእዛዝ አንድ እሽግ» የሚል፣ የትም ያልተጻፈ ግምት ላይ ቆሞ ነበር። ያ ግምት አንድ ጠዋት ፈረሰ፤ ለክፍላችን የነገረን ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ለልጅቷ ፍርድ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። ኩዌሪውን መጀመሪያ ስትጽፍ አልፈተሸችም ማለት አይቻልም፤ ያለፉትን ወራት ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አስተያይታ ልክ ሆኖ አግኝታዋለች። ፈተናው ሐቀኛ ነበር። ነገር ግን የፈተነችበት መረጃ ውስጥ ሁለት እሽግ ያለው ትእዛዝ አንድም ስላልነበረ፣ ፈተናው ሊይዘው የሚችል ስህተት ገና አልተወለደም።

ሌላው ደግሞ በሪፖርቱ ላይ አማካይ የትእዛዝ ዋጋ የሚል መስመር መኖሩ ነው። ከዚያ ወር በፊት 500 አካባቢ ነበር፤ በዚያ ወር 512 ሆነ። ኃላፊያችን ድምሩ ሲያድግ አማካዩ ብዙም አለመንቀሳቀሱን አይቶ ይበልጥ ተረጋጋ፤ «ብዙ ሰው ገዝቷል ማለት ነው» አለ። ነገሩ ሌላ ነው። የተደገመ ረድፍ ገንዘቡንም ቆጠራውንም አብሮ ያሳብጣል፤ አንዱ ለአንዱ ሲካፈል እብጠቱ ይጣፋና አማካዩ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ትንሽ ከፍ ያለው እንኳ ትልልቅ ትእዛዞች ብዙ ዓይነት ዕቃ ስለሚይዙ ከትንንሾቹ ይልቅ ለሁለት መከፈል ስለሚቀናቸው ነው። ስለዚህ እኔ መደገምን ስጠረጥር አማካይ ላይ ዓይኔን አላሳርፍም፤ የረድፍ ቆጠራውን ነው የምጠይቀው።

ምክንያቱ ሲታወቅ ከጎናችን የተቀመጠ ባልደረባ መፍትሔውን ወዲያው አቀበላት፦ `DISTINCT` ጨምሪበት። ይህ ምክር በየቢሮው ይዘዋወራል፤ እኔም በጣም አልወደውም። ከመደመሩ በፊት በተጣመሩት ረድፎች ላይ ሞከረችው። ልዩነቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም። `DISTINCT` የሚያስወግደው በሁሉም ዓምድ አንድ የሆኑ ረድፎችን ነው። ሁለት እሽጎች ከአንድ መጋዘን ከወጡ ረድፎቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለሚሆኑ አንዱ ይጠፋል። የ20417 ዓይነቶቹ ግን አንዱ A፣ ሌላው B ስለሚል ሁለቱም ይቀራሉ። ባልደረባችን ተስፋ አልቆረጠም፤ «እንግዲያው `SUM(DISTINCT amount)` በዪ» አለ። ይህኛው የባሰ ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ደንበኞች በአጋጣሚ እኩል 250 ቢከፍሉ የአንደኛውን ገንዘብ ይውጠዋል። ድምሩ ከ2,000,000 በታች እጅግ ወርዶ ሲወጣ ባልደረባችን ቡና ለመጠጣት ተነሣ።

መደገሙን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ 262,000 በሙሉ ከመደገሙ የመጣ መሆኑን ማሳየት ሌላ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንድታወራርደው ጠየቅኋት። ከአንድ በላይ እሽግ ያላቸውን ትእዛዞች አወጣች፦

```sql
SELECT order_id, COUNT(*)
FROM parcels
GROUP BY order_id
HAVING COUNT(*) > 1;
```

በዚያ ወር 408 ትእዛዞች ተገኙ፤ 380ዎቹ ሁለት ሁለት፣ 28ቱ ሦስት ሦስት እሽግ አላቸው። ሁለት እሽግ ያለው አንድ ትርፍ ረድፍ ይፈጥራል፤ ሦስት ያለው ሁለት። ስለዚህ ትርፎቹ ረድፎች 380 ሲደመር 56፣ ማለትም 436 ናቸው። በእነዚያ ትርፍ ረድፎች ላይ የተገለበጠውን ገንዘብ ደመረችው። 271,000 ሆነ።

የምንፈልገው ልዩነት 262,000 ነው። የተገኘው 271,000።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራውን ዘግቶ ይሄዳል። ምክንያቱ ታውቋል፣ በዓይን ታይቷል፣ ቁጥሩም ተቀራርቧል፤ 9,000ን «ማጠጋጋት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እውነቱን ለመናገር ቀኑም መሽቶ ነበር፤ እሷ «በቃ» ብትል ኖሮ አልከራከራትም ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ «ከልዩነቱ በላይ ማግኘት አይቻልም» አለች። ትክክል ነበረች። ማብራሪያው ከልዩነቱ ቢያንስ ሌላ ትንሽ ምክንያት አለ ማለት ነው። ማብራሪያው ከልዩነቱ ሲበልጥ ግን የሆነ ቦታ ገንዘብ በተቃራኒው አቅጣጫ እየጠፋ ነው።

ከዚያ የሠራችው ፍተሻ ሁለት ቆጠራ ብቻ ነው። የተጣመረው ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ አለው? በውስጡስ ስንት የተለያዩ ትእዛዞች አሉ?

```sql
SELECT COUNT(*), COUNT(DISTINCT o.order_id)
FROM orders o
JOIN parcels p ON p.order_id = o.order_id;
```

የመጀመሪያው 4,416 አለ። ሁለተኛው 3,980 አለ። የትእዛዝ ሠንጠረዡ ለብቻው ሲቆጠር ግን የወሩ ትእዛዞች 4,000 ናቸው። ማጣመሩ በአንድ እጁ 436 ረድፍ ጨምሮ በሌላው እጁ 20 ትእዛዝ ጥሏል። ተራው `JOIN` በሁለቱም ወገን ተጓዳኝ ያለውን ብቻ ስለሚያስቀር፣ እሽግ የሌለው ትእዛዝ ድምፅ ሳያሰማ ከሪፖርቱ ይወጣል። እሽግ የሌለው ትእዛዝ ከየት መጣ? ከዚያው ከሁለተኛው መጋዘን። አዲሱ መጋዘን ደንበኛው ራሱ መጥቶ ዕቃውን የሚረከብበት መስኮት ነበረው። በመስኮቱ የወጣ ዕቃ አይታሸግም፤ ስለማይታሸግም በእሽግ ሠንጠረዥ ውስጥ ረድፍ የለውም። የሃያዎቹን ዋጋ ደመረችው፤ 9,000። 271,000 ሲቀነስ 9,000፣ 262,000።

እኔን ከሁሉ የከነከነኝ የእነዚህ የሁለቱ መካካስ ነው። በመስኮቱ የሚረከቡት ደንበኞች በዝተው ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ጭማሪውን አቻችሎ የወሩ ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ሊገጥም ይችል ነበር። በውስጡ ሁለት ስህተት ተሸክሞ ድምሩ ልክ የሆነ ሪፖርት! የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋም ወረቀት ይዘው አይመጡም ነበር።

ሪፖርቱን ማረም ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ምክንያቱ የቴክኒክ አልነበረም። ጠቅላላ ገቢውን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከትእዛዝ ሠንጠረዥ ብቻ፣ ከምንም ጋር ሳይጣመር ይደመራል። አስቸጋሪው «ገቢ በመጋዘን» የሚለው ነው። የ20417 900 የማን ነው? የ A ወይስ የ B? ለሁለቱም 900፣ 900 መስጠት ስህተት መሆኑን አይተናል። እኩል መክፈልም እውነት አይሆንም። መልሱ ያለው ከትእዛዙ ወርዶ ዕቃ በዕቃ ሲታይ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የወጣው ከአንድ መጋዘን ነውና። ከ A የ600 ዕቃ ወጥቷል፣ ከ B የ400። ድምሩ ግን 1,000 ነው እንጂ 900 አይደለም፤ ምክንያቱም ደንበኛው በጠቅላላ ትእዛዙ ላይ 100 ቅናሽ አግኝቷል። ቅናሹን ማን ይሸከመው? ይህን ተንታኝ ብቻውን ሊወስን አይገባም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋን ጠየቀቻቸው፤ በዕቃው ዋጋ መጠን ይከፋፈል አሉ። ስለዚህ A 540፣ B 360 ሆነ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደንበኛው የከፈለው 900 ይመጣል። በመስኮት የተወሰዱት ደግሞ ከመጋዘኖቹ ሥር ሳይደበቁ ለብቻቸው አንድ መስመር ተሰጣቸው።

የሽያጭ ክፍሉ የታረመውን ቁጥር በደስታ አልተቀበለውም። አንዴ የተጨበጨበለትን 262,000 መልሱ ማለት ቀላል አይደለም፤ ስብሰባው ላይ «የትኛውን ቁጥር እንመን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እሷ የ20417ን ሁለት ረድፎች አሳየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኩዌሪ ማብራራት አላስፈለጋትም።

አሁን ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገሮች በራሳቸው ይፈተሻሉ፦ ከማጣመሩ በፊትና በኋላ ያሉት የተለያዩ ትእዛዞች ቁጥር እኩል መሆኑና የመጋዘኖቹና የመስኮቱ መስመር ድምር ከጠቅላላው ጋር መግጠሙ። አንዱ ካልገጠመ ሪፖርቱ አይላክም። ፍተሻው ከተተከለ ወዲህ አንዴ አስቁሞናል፤ ተሰብሮ የደረሰ ዕቃ በሌላ ሲተካ መጋዘኑ ያንኑ ዕቃ በአዲስ እሽግ መልሶ ይመዘግበው ነበር፤ ገንዘብ ያልተከፈለበት ሁለተኛ እሽግ ማለት ነው። የመስመሮቹ ድምር ከጠቅላላው በለጠ። በዚያ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዋ ስደርስ ኩዌሪውን አልከፈተችም፤ የቀን በቀን ልዩነቱን ደርድራ፣ አንዱን ትእዛዝ ይዛ፣ ለመጋዘኑ ኃላፊ ስልክ እየደወለች ነበር።